«ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ አስገባ» የሚለው ምክር እና የአሜሪካ ባንኮች ጥያቄ

በዋሽንግተን ዲሲ እና በአካባቢዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ዕቁብ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። ዕቁቡ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በጥሬው ተቀብሎ ባንክ ሲሄድ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ መታወቂያውን፣ አድራሻውን፣ የሥራውን ዓይነት፣ አንዳንዴም የገንዘቡን ምንጭ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው ለብዙዎች እንደ ክስ ይሰማቸዋል። ስለዚህም አስቀድመው የሚያማክሩት ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ «ምን አስጨነቀህ፣ ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ በየሳምንቱ አስገባ» ሲላቸው ምክሩን ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። ምክሩ የሚሰጠው በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ምንም እንከን የሌለበትን ገንዘብ የያዘ ሰው በአሜሪካ ሕግ ወንጀለኛ ሊሆን ከሚችልባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይህንኑ ምክር መከተል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ባንኩ የሚልካቸውን ሁለት ሪፖርቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ማንንም የማይጎዳ መደበኛ ወረቀት ሲሆን ሁለተኛው ግን በጥርጣሬ ላይ የተመሠረተ ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ፈርቶ ሲሸሽ ነው ሁለተኛው ላይ የሚወድቀው።

ሁለቱ ሪፖርቶች

የነገሩ መነሻ በ1970 የወጣው የባንክ ሚስጥራዊነት ሕግ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው። ስሙ የባንክን ሚስጥር የሚጠብቅ ቢያስመስለውም ሥራው ተቃራኒው ነው፤ ባንኮች ስለ ትልልቅ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴዎች መዝገብ እንዲይዙና ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሕግ አውጪዎቹን ያሳሰባቸው ነገር ቀላል ነበር። ቼክም ሆነ የባንክ ዝውውር ከማን ወደ ማን እንደሄደ የሚያሳይ ዱካ ይተዋል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምንም ዱካ አይተውም። አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥ ወይም ግብር የሚሰውር ሰው እጁ ላይ የተከማቸውን ብር ሕጋዊ አስመስሎ ለመጠቀም አንድ ቦታ ላይ ወደ ባንክ ሥርዓት ማስገባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እየተዘዋወረ ምንጩ ይደበዝዛል። እንግዲህ ለመያዝ የሚቀለው በመግቢያው በር ላይ፣ ማለትም በባንኩ መስኮት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሪፖርት የጥሬ ገንዘብ ልውውጥ ሪፖርት ይባላል፤ የባንክ ሠራተኞች በምህጻር ሲቲአር ይሉታል። አንድ ሰው በአንድ የሥራ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ካስገባ ወይም ካወጣ ባንኩ ይህን ቅጽ ሞልቶ በ15 ቀናት ውስጥ የግምጃ ቤት ሚኒስቴር አካል ለሆነው ለፊንሰን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይልካል። ጠዋት በአንዱ ቅርንጫፍ 6,000፣ ከሰዓት በሌላው ቅርንጫፍ 5,000 ዶላር ቢገባም ባንኩ ሁለቱንም ካወቀ ይደምራቸዋል። ልክ 10,000 ዶላር ከሆነ ቅጹ አይሞላም፤ አንድ ዶላር ከተጨመረ ይሞላል። ቅጹ የሚጠይቀው ገንዘቡን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር እና መታወቂያ ነው። ልብ በሉ፤ የገንዘቡ ምንጭ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ባንኩ በሰውዬው ላይ ጥርጣሬ ይኑረው አይኑረው ለውጥ አያመጣም፤ መጠኑ ካለፈ ይሞላል፣ ካላለፈ አይሞላም። በ2023 የበጀት ዓመት ለፊንሰን የተላኩት እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ከ20 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ወንጀለኛ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሪፖርት የምግብ ቤቶች፣ የነዳጅ ማደያዎች፣ መኪናቸውን የሸጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ የ10,000 ዶላሩ ወሰን ከዋጋ ንረቱ ጋር ከፍ ተደርጎ አያውቅም። ሕጉ በወጣበት ዘመን የነበረው 10,000 ዶላር በዛሬው የመግዛት አቅም 80,000 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ያኔ ለሀብታሞች የተሠራው መረብ ዛሬ ዕቁብተኛውንም የሚይዘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የአጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሪፖርት ነው። ይህኛው በመጠን ሳይሆን በባንኩ ጥርጣሬ የሚወሰን ሲሆን፣ ከ5,000 ዶላር ጀምሮ ያለ እንቅስቃሴ ከሕገ ወጥ ምንጭ የመጣ ወይም ሪፖርትን ለማምለጥ የተቀነባበረ ከመሰለ ባንኩ ነገሩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀናት ውስጥ የመላክ ግዴታ አለበት። በትረካ መልክ ይጻፋል፤ ደንበኛው ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገ፣ ባንኩን ለምን እንዳጠራጠረው ይዘረዝራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስጢር ነው። ባንኩ ሪፖርት መላኩን ለደንበኛው መናገር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ «ስለ እኔ ሪፖርት አድርጋችኋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እውነተኛ መልስ ሊያገኝ አይችልም። መርማሪዎች በጥንቃቄ የሚያነቡትም ይህንኛውን ነው።

ከፋፍሎ ማስገባት ራሱ ወንጀል ነው

በ1986 የወጣ ሕግ የመጀመሪያውን ሪፖርት ለማስቀረት ሲባል ገንዘብን ከፋፍሎ ማስገባትን ወይም ማውጣትን ለብቻው የቆመ ወንጀል አደረገው። ገንዘቡ ከንጹሕ ምንጭ መምጣቱ መከላከያ አይሆንም። የተከለከለው መንግሥት ሪፖርቱን እንዳያገኝ ማድረግ ስለሆነ፣ ደሞዙንም ቢሆን ለዚህ ዓላማ የከፋፈለ ሰው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሲሆን፣ ድርጊቱ ከሌላ ወንጀል ጋር ከተያያዘ ወይም በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ከሆነ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል።

«ወንጀል መሆኑን አላወቅሁም» የሚለው መልስም በአንድ ወቅት ተሞክሯል። አንድ የቁማር ዕዳ የነበረበት ሰው ዕዳውን ለመክፈል ከተለያዩ ባንኮች ከ10,000 በታች የሆኑ ቼኮችን በጥሬ ገንዘብ እየገዛ ሰበሰበ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1994 መከፋፈል ወንጀል መሆኑን ሰውዬው ማወቁን መንግሥት ማስረዳት አለበት ብሎ ፈረደለት። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ይህን መውጫ ዘጋው። ዛሬ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ሰውዬው ባንኩ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ማወቁን እና የከፋፈለውም ያንን ሪፖርት ለማስቀረት መሆኑን ነው። «ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ አስገባ» የሚለው ምክር በቴክስት መልእክት ተጽፎ ከተገኘ ሁለቱንም ያስረዳል።

እዚህ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም አይአርኤስ፣ ከፋፍላችሁ አስገብታችኋል በሚል ብቻ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ሲወርስ ኖሮ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ ያገኙ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ነበሩ። ቁጣው ከበረታ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በ2014 አሠራሩን ቀየረ። በ2019 የወጣ ሕግም አይአርኤስ በመከፋፈል ሰበብ ገንዘብ መያዝ የሚችለው ገንዘቡ ከሕገ ወጥ ምንጭ ሲመጣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን ሲከፋፈል ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ነገር ግን የወንጀል አንቀጹን አልሻረውም፤ ባንኩም ጥርጣሬውን ከመላክ አልዳነም።

በሌላ በኩል ሥራው ራሱ በተለያዩ ቀናት ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝለት ሰው መጨነቅ የለበትም። የቡና መሸጫ ያላት ሴት በየምሽቱ የሸጠችውን 2,000 ዶላር በማግስቱ ብታስገባ ገንዘቡን እንደመጣ አስገባች እንጂ አልከፋፈለችም። ነገሩ የሚለወጠው እጇ ላይ 16,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ተቀምጦ ሳለ 8,000 አድርጋ ለሁለት ስትከፍለው ነው።

አልማዝ 20,000 ዶላር ይዛ ስትሄድ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ በነርስ ረዳትነት የምትሠራ አንዲት ሴት እናስብ፤ አልማዝ ብለን እንጥራት። ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ አላት። ደሞዟ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቧ ይገባል፤ በየወሩ መጀመሪያ 1,000 ዶላር ከኤቲኤም አውጥታ ለዕቁቡ ጸሐፊ ትሰጣለች። በአሥራ አራተኛው ወር ዕጣው ወጣላትና 20,000 ዶላር በጥሬው ተቀበለች። ከዚህ ውስጥ 14,000 የራሷ ቁጠባ ነው፤ 6,000 ደግሞ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የምትመልሰው፣ ከሌሎቹ ዕቁብተኞች ያለ ወለድ የተበደረችው ገንዘብ ነው። ስለዚህ 20,000 ዶላሩ ገቢ አይደለም፤ የገቢ ግብርም አያስከፍልም። ግብሩ ከደሞዟ ላይ አስቀድሞ ተቆርጧል።

አልማዝ ሙሉውን 20,000 ዶላር አንድ ጊዜ ብታስገባ የሚሆነው ይህ ነው። ሠራተኛዋ ገንዘቡን በማሽን ትቆጥራለች፣ መንጃ ፈቃዷን ትቀበላለች፣ ሥራዋን ትጠይቃለች፣ ገንዘቡ የራሷ መሆኑን ታረጋግጣለች፣ ቅጹም ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር የለም፤ ደብዳቤም ስልክም አይኖርም።

አሁን ደግሞ ምክሩን ተቀብላ ሰኞ 5,000፣ ሐሙስ 5,000፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደዚሁ ሁለት ጊዜ 5,000 አስገባች እንበል። የመጀመሪያው ሪፖርት አልተሞላም። ነገር ግን ባንኩ የሚጠቀምበት የክትትል ሶፍትዌር በዋነኝነት የሚፈልገው ይህንን ዓይነት ድግግሞሽ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ አስገብታ የማታውቅ ደሞዝተኛ በአሥር ቀን ውስጥ አራት እኩል መጠኖችን ስታስገባ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የቁጥጥር ክፍል ሠራተኛ መዝገቡን ይከፍታል፣ ድምሩ 20,000 መሆኑን ያያል፣ ለምን እንደተከፋፈለ የሚገልጽ ነገር ያጣል፣ ከዚያም የአጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሪፖርቱን ይጽፋል። አልማዝ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሚፈጅ ቅጽ ሸሽታ መርማሪ የሚያነበው ትረካ ውስጥ ገባች።

ገንዘቡን ለሁለት የአክስት ልጆቿ አከፋፍላ በየሒሳባቸው አስገብተው እንዲያዛውሩላት ብታደርግ ደግሞ የባሰ ነው፤ ወንጀሉ የሦስት ሰው ይሆናል፣ የአክስት ልጆቿም የማያውቁት ገንዘብ ለምን በሒሳባቸው እንዳለፈ መልስ ይፈለግባቸዋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የሚፈጸመው መስኮቱ ላይ ነው። ሠራተኛዋ «ከአሥር ሺህ በላይ ስለሆነ ቅጽ እሞላለሁ» ስትል ደንበኛው ደንግጦ «እንግዲያውስ 9,500 ብቻ ተቀበዪኝ» ይላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን በምስክር ፊት ያስመዘገበች ናት፤ ሠራተኛዋም ለአለቃዋ እንድትናገር ሠልጥናለች። የተጀመረውን መጨረስ ይሻላል።

ገንዘቡን ባንክ ሳያስገቡ መኪና በጥሬው መግዛትም ሪፖርቱን አያስቀርም፤ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው የተቀበለ ነጋዴ ፎርም 8300 የሚባለውን ሞልቶ የመላክ ግዴታ አለበት።

ባንኩ ምን ያውቃል፣ ምንስ ይፈልጋል

የገንዘቡ ምንጭ ጥያቄ ከቅጹ ካልመጣ ከየት መጣ? ባንኮች ደንበኛቸውን የማወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ሒሳብ ሲከፈት ሥራችሁን፣ ቀጣሪያችሁን፣ ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ እንደምታንቀሳቅሱ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከዚህ መግለጫ ጋር ማነጻጸር ነው። 20,000 ዶላር ለወይን ጠጅ መደብር ትንሽ ነው፤ ለተማሪ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ሰዎች ሳያውቁት የሚጎዱበት ነገር አለ። ከስምንት ዓመት በፊት ሒሳብ ሲከፍት «ተማሪ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ዛሬ ታክሲ ይነዳል፣ ወይም ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ባንኩ ግን አሁንም ተማሪ ነው የሚለው። የማስጠንቀቂያው ምክንያት አንዳንዴ ገንዘቡ ሳይሆን ያረጀው መግለጫ ነው። ቅርንጫፍ ሄዶ ሥራን ማሳደስ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ሲሆን፣ ከማንኛውም የማብራሪያ ደብዳቤ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ለንግድ የሚያገለግል ገንዘብም በግል ሒሳብ ሳይሆን በንግድ ሒሳብ መግባት አለበት።

«የማን ገንዘብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለምን ተጠብቆ እንደሚጠየቅ ለማወቅ የቲዲ ባንክን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ባንኩ በኦክቶበር 2024 ጥፋተኛነቱን አምኖ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ተቀበለ። ከቀረቡበት ጉዳዮች በአንዱ፣ አንድ የገንዘብ አጣቢዎች መረብ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ በባንኩ በኩል አሳልፏል። ሠራተኞቹ የስጦታ ካርድ ይቀበሉ ነበር፤ ገንዘቡን ከረጢት ሙሉ እያመጣ የሚያስገባው ሰውዬም በብዙ ሪፖርቶች ላይ ስሙ አልሰፈረም። ከዚህ በኋላ የየትኛውም ባንክ ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቅ ብታልፍ የሚያስጠይቃት መሆኑን ታውቃለች። ጥያቄው በአነጋገራችን ወይም በመልካችን ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንዳንዴ እንደዚያ የሚሰማን ምክንያት እንዳለን ባልክድም።

እንዴት ይመለሳል

በመስኮቱ ላይ የሚሰጠው መልስ አጭርና እውነተኛ መሆን አለበት። አልማዝ «ሃያ ሰዎች ሆነን በየወሩ ሺህ ሺህ ዶላር እያዋጣን ለአንድ ሰው በተራ የምንሰጥበት የቁጠባ ማኅበር አለን፤ በዚህ ወር ተራው የእኔ ነው» ብትል በቂ ነው። «ዕጣ ደረሰኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሎተሪ ብሎ ማስረዳት ግን መቅረት አለበት፤ የሎተሪ ገንዘብ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በመሆኑ መልሱ ሐሰት ይሆናል፣ ቀጣይ ጥያቄም ይጋብዛል። «ከንግድ ነው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ ነው፤ የሌለ ንግድ ሰነድ የለውም። ሪፖርቱ ላይ የተሳሳተ መረጃ እንዲሰፍር ማድረግ፣ ለምሳሌ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ የራሴ ነው ማለት፣ መከፋፈልን የሚከለክለው ሕግ ራሱ የሚቀጣው ድርጊት ነው። መታወቂያ አልሰጥም ያለ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል።

ደብዳቤ ወይም ስልክ ከመጣ በመጀመሪያ ከባንኩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አጭበርባሪዎችም «ሒሳብህ አጠራጣሪ ሆኗል» ብለው ይደውላሉና ስልኩን ዘግቶ በካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር መልሶ መደወል ይገባል። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ ደብዳቤውን ችላ ማለት የከፋው አማራጭ ነው፤ ማብራሪያ ያላገኘ ባንክ የሚያስበው መጥፎውን ነው፣ ቀላሉ መፍትሔም ሒሳቡን መዝጋት ነው። መልሱ በጽሑፍ፣ በተሰጠው ቀን ውስጥ፣ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ቢሆን ይመረጣል። የአልማዝ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

«በጁን 6 ያስገባሁት 20,000 ዶላር ሃያ አባላት ካሉት የቁጠባ ማኅበር በተራዬ የተቀበልሁት ነው። እያንዳንዱ አባል በየወሩ 1,000 ዶላር ያዋጣል። እኔ ላለፉት አሥራ አራት ወራት ያዋጣሁት ከደሞዜ ሲሆን፣ በየወሩ መጀመሪያ ከዚሁ ሒሳቤ ያወጣሁት 1,000 ዶላር በባንካችሁ መግለጫ ላይ ይታያል። ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት መዋጮዬን እቀጥላለሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የፈረሙበትን ማረጋገጫና የክፍያ መዝገቤን አያይዣለሁ። ገንዘቡን ለቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ ላውለው አስቤአለሁ።»

የዚህ መልስ ጉልበት ባንኩ ራሱ ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው። አሥራ አራቱ የኤቲኤም ወጪዎች በገዛ መዝገቡ ውስጥ አሉ፤ ቀኖቹና መጠኖቹ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ይገጥማሉ። መልሱ የማይገጥመው ብዙውን ጊዜ ሰዎች ቁጥሩን ለማሳመር ሲሉ ሲጠጋጉት ወይም ከጊዜ በኋላ አዲስ «ደረሰኝ» ሲያዘጋጁ ነው። ያልነበረን ወረቀት ዛሬ ጽፎ የትናንት ቀን መስጠት ማስረጃን ከመፍጠር አይለይም። ማረጋገጫው ዛሬ ከተጻፈ የዛሬ ቀን ይኑረው፤ ይዘቱ ስለ ያለፈው ቢናገርም ምንም ነውር የለበትም። የሌሎቹን ዕቁብተኞች ስምና ስልክ ካልተጠየቁ በቀር መዘርዘርም አያስፈልግም።

ምንጩ ሌላ ሲሆን ሰነዱም ይለያያል። መኪና የሸጠ ሰው የሽያጭ ውሉንና የተላለፈውን ባለቤትነት ወረቀት ያቀርባል። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው ይዞ የገባ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለጉምሩክ የሞላው ፊንሰን 105 የሚባለው ቅጽ ቅጂ ከሁሉ የላቀ ማስረጃው ነው፤ ያላስመዘገበ ደግሞ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። አስቸጋሪው ለዓመታት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ቀስ በቀስ ከሒሳብ የወጣ ከሆነ የድሮ መግለጫዎች ይመሰክራሉ። ግብር ያልተከፈለበት ጉርሻ ወይም የእጅ በእጅ ሥራ ገቢ ከሆነ ግን ጉዳዩ የባንክ ሳይሆን የግብር ነው፤ አይአርኤስ በምርመራ ወቅት ምንጩ ያልታወቀን ገቢ የተደረገ ገንዘብ እንደ ገቢ ሊቆጥረው ይችላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ባንክ ከመሄዱ በፊት የግብር ጠበቃ ማማከር አለበት፤ ወደ ሒሳብ ሠራተኛ ቢሄድም ጥሩ ነው፣ ሆኖም እንደ ጠበቃ ሙሉ የምስጢር ጥበቃ የለውም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዕቁብተኛው ሳይሆን የዕቁቡ ሰብሳቢ ነው። የሃያ ሰው መዋጮ በየወሩ በግል ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ በሳምንቱ ሲወጣ ባንኩ የሚያየው ያለ ፈቃድ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሰው ነው፤ ያም ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሰብሳቢው ገንዘቡ የሌሎች መሆኑን ለባንኩ መናገር፣ መዝገቡን በአግባቡ መያዝ፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ገንዘቡ በእሱ ሒሳብ በኩል እንዳያልፍ ማድረግ ነው። አባላቱ በዕለቱ ለባለተራው በቀጥታ በቼክ ወይም በዜል ቢልኩለት የጥሬ ገንዘብ ሪፖርቱ ጨርሶ አይነሳም፤ እያንዳንዱም መዋጮ የላኪው ስም ያለበት ዱካ ይኖረዋል። ለቤት ብድር ማመልከት ላሰበ ሰውም ይህ ይጠቅመዋል፤ አበዳሪዎች የቅርብ ወራት የባንክ መግለጫ ይዘው ስለ ትልልቅ ገቢዎች ይጠይቃሉ፣ ጥሬ ገንዘብንም ከሁሉ አጥብቀው ይመረምራሉ።

በቂ መልስ ተሰጥቶም ባንኩ ሒሳቡን ሊዘጋ ይችላል፤ ምክንያቱን እንዲናገር አብዛኛውን ጊዜ አይገደድም። ይህ ያበሳጫል፤ ነገር ግን ጥፋተኛ ተባልክ ማለት አይደለም። ቀሪው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በቼክ ይላካል፤ የሚያስቸኩለው ደሞዝና ወርኃዊ ክፍያዎች የሚያልፉበትን ሒሳብ በሌላ ባንክ መክፈትና የድሮውን መግለጫዎች ሳይዘጋ ማውረድ ነው።

ጥያቄውን ይዞ የመጣው ባንኩ ሳይሆን የአይአርኤስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ባልደረባ ከሆነ ግን እስካሁን የተባለው አይሠራም። ለባንክ ማብራራት የተለመደ ግንኙነት ነው፤ ለመርማሪ የሚሰጥ ቃል ግን እያንዳንዱ ዝርዝር የሚመዘንበት፣ ስሕተቱም እንደ ሐሰት ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። በር ላይ ቆሞ ዕቁብን ለማስረዳት መሞከር አያስፈልግም፤ የሥራ ካርዱን ተቀብሎ «ጠበቃዬ ይደውልላችኋል» ማለት ይበቃል፣ ይህም መብት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ወረቀት መቅደድ፣ ምንም መልእክት መሰረዝ፣ ከሌሎች ዕቁብተኞች ጋር ቃል መገጣጠም አይገባም።